የጽሑፌ መክፈቻ ላይ አንባቢ አይቆምም፤ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ጠጋኝ

ስለ ስልክ ጥገና የምጽፍበት አንድ ገጽ አለኝ። ጽሑፎቼን ማንበብ የጀመሩ ሰዎች እስከ መጨረሻው እንደሚዘልቁ ከሚያነሡልኝ ጥያቄ እረዳለሁ፤ ችግሬ የሚጀምሩት ሰዎች ማነሳቸው ነው። አብዛኛው ሰው ስክሪኑን በጣቱ እየገፋ ሲወርድ የእኔን ጽሑፍ ከሌላው ለይቶ የሚቆምበት ምክንያት ያጣል። ባትሪ ስለሚያብጥበት ምክንያት የጻፍኩትን ጽሑፍ መክፈቻ እንዳለ አቀርበዋለሁ፦

«ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁጥራቸው እየጨመረ በመጣው የስማርት ስልክ ተጠቃሚዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚስተዋለውና ብዙዎች ምንነቱን በቅጡ ሳይረዱ ችላ ብለው የሚያልፉት፣ ነገር ግን በጊዜ ካልተደረሰበት እስከ እሳት አደጋ ሊያደርስ የሚችለው የባትሪ ማበጥ ችግር በዛሬው ጽሑፋችን በስፋት የምንመለከተው ርእሰ ጉዳይ ነው።»

ሰዋስዉ የተዛባ አይመስለኝም፤ ጉዳዩም ቀላል አይደለም። ታዲያ ሰው ለምን ያልፈዋል? አብሮት ስለሚወጣው ፎቶም ሆነ ስለሚለጠፍበት ሰዓት ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ አሁን መክፈቻውን ብቻ እንድትመለከቱልኝ እጠይቃለሁ።

ፈጣን ጣት

ወንድሜ፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። መክፈቻው ረዝሟል፤ ያሳጥሩትና በጥያቄ ይጀምሩ። «የስልክዎ ባትሪ ለምን እንደሚያብጥ ያውቃሉ?» ብለው ይጻፉ። ከዚያም ጠንከር ያለ ነገር ከፈለጉ «ይህን ሳያነቡ ስልክዎን ቻርጅ እንዳያደርጉ!» ማለት ይችላሉ። ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ትተው ዋናውን ጽሑፍ ይቀጥሉ። ሰው የሚቆመው ሲደነግጥ ወይም ሲጠየቅ ነው፤ እኔ በዚህ መንገድ ስጽፍ ቆይቻለሁ፣ ይሠራል።

ቀይ ብዕር

ፈጣን ጣት «ረዝሟል» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ሆኖም ርዝመቱ ጉዳት የሚያደርሰው በምን በኩል እንደሆነ ካልታየ ማሳጠር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የጠጋኝን መክፈቻ ሙሉውን ሳይሆን አላፊው አንባቢ በሚያየው መጠን ላቅርበው። ፌስቡክም ሆነ ሊንክድኢን ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲያገኙ ከጥቂት መስመሮች በኋላ ይቆርጡትና «ተጨማሪ» የሚል መጫኛ ያስቀምጣሉ። በአንድ መካከለኛ ስልክ ላይ፣ ፊደሉ ከፍ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ይበልጡን፣ የሚታየው ይህን ያህል ሊሆን ይችላል፦

«ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁጥራቸው እየጨመረ በመጣው የስማርት ስልክ ተጠቃሚዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚስተዋለውና ብዙዎች ምንነቱን በቅጡ ሳይረዱ… ተጨማሪ»

እስከዚህ ድረስ ስለ ምን እየተወራ እንደሆነ የሚነግረን አንድም ቃል የለም። «የሚስተዋለው» ምኑ ነው? ስርቆት ነው፣ የዓይን ሕመም ነው፣ ወይስ የኢንተርኔት ሱስ? አንባቢው አያውቅም። በአማርኛ ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ይሰለፋል፣ ግሱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከመሐሉ ሲቆረጥ የሚቀረው ገላጩ ሲሆን ተቆርጦ የሚወድቀው ጉዳዩና ድርጊቱ ነው። እንደ እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ ባለቤቱና ግሱ ቀድመው ስለሚመጡ ዓረፍተ ነገሩ በየትም ቢቆረጥ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ደርሷል። ከዚያ ቋንቋ የተቀዳ የአጻጻፍ ምክር ለእኛ በከፊል ብቻ የሚሠራው ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የመጀመሪያው ግስ ከመቆረጫው በፊት እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ለዚህም «የሚስተዋለውና»፣ «የሚያልፉት»፣ «ሊያደርስ የሚችለው» የተባሉትን ገላጮች ከስሙ ፊት አንሥቶ ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱን በራሱ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ገላጮቹ ሲነሡ የሚቀረው «የባትሪ ማበጥ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ርእሰ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይታያል፦ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ አጭር ነው፣ ነገር ግን ለአንባቢው ምንም አይሰጠውም። ስለ ጽሑፉ ይናገራል እንጂ ስለ ባትሪው አይናገርም። ረጅሙ ገላጭ ይህን ባዶነት ሸፍኖት ነበር።

መምህር በጡረታ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ተከታተልኩ፤ ይሁንና አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ለብዙ ዘመን ተማሪዎቼን ያስተማርኩት አንድ ጽሑፍ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ እንዲኖረው፣ መግቢያውም ከሰፊው ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ጠባቡ እንዲወርድ ነው። ጠጋኝ የጻፉት መግቢያ ይህን ሥርዓት በሚገባ የጠበቀ ነው። የስማርት ስልክ ተጠቃሚው ከበዛበት ተነሥቶ ወደ ባትሪው ወርዷል። እናንተ ግን መግቢያውን አፍርሳችሁ በቀጥታ ሐተታው ውስጥ እንዲዘፈቁ እየመከራችኋቸው ነው። እንዲያውም ለአንባቢ ሰላምታ ሳያቀርቡ መጀመራቸውን እንደ ድፍረት ነው የማየው።

ቀይ ብዕር

መምህር፣ ሥርዓቱን አላፈረስንም። እርስዎ ያስተማሩት ድርሰት አንባቢው አስቀድሞ በእጁ ይዞት የተቀመጠ ነው፤ ያርመው ዘንድ የግድ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። የጠጋኝ አንባቢ ግን ገና ለማንበብ አልወሰነም፣ ከላይና ከታችም የሌሎች ሰዎች ጽሑፎች አሉ። ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርደው መግቢያ ጥሩ ነገሩን በመጨረሻ የሚያመጣ በመሆኑ፣ ውሳኔው በመጀመሪያው መስመር ላይ ሲሆን መግቢያው ሥራውን ሳይሠራ ይታለፋል። መግቢያውን ጨርሶ ይጣሉት አላልኩም፤ ከሁለተኛው አንቀጽ ቢገባ ቦታውን ያገኛል።

ስለ ሰላምታው ግን ከእርስዎ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ከሚከተሉኝና ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ስጻጻፍ ሰላምታ ማቅረብ ተገቢ ነው። ችግሩ «ሰላም ውድ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬም እንደተለመደው» ሲባል ከመቆረጫው በፊት ከሚታዩት ጥቂት መስመሮች አብዛኞቹ ማለቃቸው ነው። በቴሌግራም ደግሞ ይብሳል፤ ጽሑፉ ቻናሉ ውስጥ ሲገባ ሙሉውን ቢታይም፣ አንባቢው ቻናሉን ከመክፈቱ በፊት በዝርዝሩ ላይ የሚያየው የመጨረሻውን መልእክት የመጀመሪያ ቃላት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሰላምታ የሚጀምር ቻናል በዝርዝሩ ላይ ዘወትር ያንኑ ሰላምታ ያሳያል፣ አዲስ ነገር መኖሩም አይታወቅም። ሰላምታው መጨረሻ ላይ፣ ከስንብቱ ጋር ቢመጣ የሚቀር ክብር ያለ አይመስለኝም።

መምህር በጡረታ

ሰላምታን መጨረሻ ላይ ማቅረብ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። ቢሆንም ስለ ቴሌግራሙ የነገሩኝን አይቼዋለሁ፤ እውነት ነው።

ቅጥር ክፍል

ጥያቄው ስለ ጥገና ጽሑፍ ቢሆንም የእኔም ችግር ተመሳሳይ ስለሆነ ላንሣው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ማስታወቂያውን በገጻችን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ፤ የሚሰጠኝ አጻጻፍም «ድርጅታችን ከዚህ በታች በተጠቀሰው ክፍት የሥራ መደብ ላይ መስፈርቱን የሚያሟሉ አመልካቾችን አወዳድሮ በቋሚነት ለመቅጠር ይፈልጋል» የሚል ነው። ብዙ ሰው ያየዋል፣ ትክክለኛው ሰው ግን አያመለክትም። ቀይ ብዕር ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ስመለከተው «ከዚህ በታች የተጠቀሰው» መደብ በእርግጥም ከመቆረጫው በታች ነው። እኔስ በምን ልጀምር? ጉጉት የሚቀሰቅስ ነገር ልፈልግ?

ቀይ ብዕር

ለእርስዎ ጉጉት አያስፈልግም። ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያን የሚያየው የራሱን ሙያ ስም እየፈለገ ነው፤ ዓይኑ የሚቆመውም ያንን ስም ሲያገኝ ብቻ ነው። «ሦስት ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ በቋሚነት መቅጠር እንፈልጋለን» ቢሉ ግሱ መጣ፣ ሙያው መጣ፣ የማይመለከተውም ሰው በአንድ እይታ አልፎ ሄደ። ጥሩ የመጀመሪያ መስመር ሁሉንም ሰው ያስቆማል ማለት አይደለም፤ የእርስዎ መስመር ብዙዎችን ማሳለፉ እንደ ጥቅም የሚቆጠር ነው። «ድርጅታችን አወዳድሮ» የሚለውን የአስተዳደር ቋንቋ ካስገደዱዎት ከሥር ያስቀምጡት፣ ማንም አይከለክልዎትም።

ፈጣን ጣት

እሺ፣ ግሱ ይቅደም ተባለ። ግን የእኔ ሁለት ምሳሌዎች ግሳቸው ቀድሟል፣ አጭርም ናቸው። ለምን እንደማይሆኑ የነገረኝ ሰው የለም።

ቀይ ብዕር

ልክ ነዎት፣ ዘልዬዋለሁ።

«ለምን እንደሚያብጥ ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ የአብዛኛው ሰው መልስ «አላውቅም» ነው፤ አላውቅም ብሎም ማለፍ ይችላል፣ ምክንያቱም ያለማወቁ አልቆረቆረውም። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ጉጉት የሚነሣው ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚሻው መካከል ክፍተት መኖሩ ሲሰማው እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ አንባቢው መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ሊሰጠው ይገባል። ስለ ባትሪ ኬሚስትሪ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስልኩ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን ያውቃል። «ስልክዎ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲቀመጥ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ በእጁ ስላለ ስልኩን አስቀምጦ ይሞክረዋል። ጀርባው ካበጠ ሊሽከረከር ይችላል። ይህ ጥያቄ ነው፣ ያኛውም ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ አንባቢው ወዲያው ሊፈትሸው መቻሉ ላይ ነው።

«ይህን ሳያነቡ ቻርጅ እንዳያደርጉ!» የሚለው ሰው ያስቆማል፣ አልክድም። ነገር ግን ባትሪው ደኅና የሆነው ሰውም ደንግጦ ገብቶ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የጠጋኝን ስም ሲያይ ይህን ያስታውሳል። ከዚህም ሌላ ፌስቡክ መረጃን ደብቀው ሰውን የሚስቡ ርእሶችን ወደ ታች የሚያወርድ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 ማስታወቁንና በ2017 አሠራሩን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ማስፋቱን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም «የወደደ ላይክ ያድርግ፣ ጓደኛዎን ታግ ያድርጉ» የሚሉትን ጽሑፎች መጨመሩን አይርሱ። አማርኛውን ምን ያህል እንደሚለይ ከውጭ ማየት ስለማይቻል በዚህ ብቻ አላስፈራራዎትም፤ የመጀመሪያው ምክንያት ይበቃኛል።

ባዶ መስመር መተው ያሉትንም ልብ ይበሉ። መቆረጫው በአብዛኛው የሚለካው በመስመር ስለሆነ ባዶዋም መስመር ከተፈቀደው ላይ ትቀነሳለች። የመጀመሪያው መስመር ብቻውን የሚበቃ ከሆነ ባዶው መስመር ያጎላዋል፤ የማይበቃ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይሰውረዋል።

ቆጣሪ

ስለ መስመርና ስለ ፊደል ከተነሣ ጥቂት ልጨምር። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል በአንድ መስመር ላይ የሚያርፈው ያንሳል፤ በውጭ አገር ጽሑፎች የሚነገሩት የፊደል ብዛቶች ለአማርኛ እንዳሉ አይሠሩም። በኤክስ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ገደቡ 280 ቢሆንም ቆጠራው ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሁለት ስለሚይዝ በአማርኛ የሚጻፈው ቢበዛ 140 ፊደል ነው። በሌሎቹ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ ጽሑፉን ለራስዎ ብቻ በሚታይ አኳኋን ለጥፈው፣ የስልክዎን ፊደል አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ቢያዩት ይሻላል፤ በዚያ ሁኔታ ግሱ ከታየ በሌላውም ይታያል።

ጠጋኝን የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ሰው እንደማይቆም በምን አወቁ? በቴሌግራም ያለው የእይታ ቁጥር ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ በማለፉ የሚጨምር ስለሆነ መነበቡን አያሳይም። በፌስቡክም «ደረሰ» የሚለው ቁጥር እንዲሁ ነው። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ አስተያየቶቹን እመለከታለሁ። ጽሑፉ በሦስተኛው አንቀጽ የመለሰውን ነገር ሰዎች ከሥር የሚጠይቁ ከሆነ መክፈቻው አስቁሟቸዋል፣ ነገር ግን «ተጨማሪ»ን አልተጫኑም። ከመሐል የተወሰደ ዝርዝር እየጠቀሱ የሚጽፉ ከሆነ አንብበዋል። ሁለቱም ከሌሉ ነው መክፈቻው ያላስቆመው የሚባለው።

ጠጋኝ

ለቆጣሪ፦ በባትሪው ጽሑፍ ሥር ከነበሩት ጥቂት አስተያየቶች ብዙዎቹ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚሉ ነበሩ፤ ዋጋ የሚባል ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ የጥገና ቤት ማስታወቂያ ነው ብለው የገመቱ ይመስለኛል። የመክፈቻው የመጀመሪያ መስመሮች ስለ ተጠቃሚዎች መብዛት ብቻ ስለሚያወሩ አልፈርድባቸውም።

ከላይ በተሰጡት ሐሳቦች ተነሥቼ አዲስ መክፈቻ ሞክሬያለሁ፦

«የስልክህ ስክሪን ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ካየኸው ቻርጅ ማድረግ አቁም፤ ባትሪው አብጧል።»

ቀይ ብዕር

ይህ ከመጀመሪያው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በተለይ በ«ካየኸው» በሚያበቃው ሐረግ መጀመሩን እወድለታለሁ። ቅድም አማርኛ ግሱን ወደ ኋላ በማቆየቱ እንደሚጎዳን ተናግሬ ነበር፤ እዚህ ግን ያው ባሕርይ ይጠቅማል። «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ሐረግ በተፈጥሮው ከፊት ስለሚመጣ፣ በውስጡ አንባቢው በዓይኑ የሚያየውን ምልክት ካስቀመጥንበት ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ገና ዋናው ግስ ሳይደርስ ራሱን ያገኛል። ስክሪኑ ከፍ ያለበት ሰው ከ«ካየኸው» በኋላ ያለውን ሳያነብ አያልፍም። ቁም ነገሩ በሐረጉ ውስጥ የሚቀመጠው ነገር የሚታይና የሚዳሰስ መሆኑ ላይ ነው። «ስለ ስልክዎ ደኅንነት የሚያስቡ ከሆነ» ብንልም ሐረጉ ያው ነው፣ ነገር ግን ማንም ራሱን አያገኝበትም።

አንባቢ ብቻ

እኔ የምጽፍ ሳልሆን የማነብ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ልናገር። «የስልክህ» የሚል ሳይ ለእኔ የተጻፈ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ሴት ነኝ። ተቆጥቼ አይደለም የማልፈው፤ ዓይኔ ለሌላ ሰው የተላከ መልእክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው። ስትናገሩለት የነበረው ውሳኔ በሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ይህች አንዲት ፊደል ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ፈጣን ጣት

ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ «እርስዎ» የምለው። «ስልክዎ» ቢባል ሁለቱንም ይይዛል፣ አክብሮትም አለው።

አንባቢ ብቻ

«እርስዎ» ይይዛል፤ ይሁንና በገጽ ላይ ሳየው የባንክ ወይም የቴሌኮም መልእክት ይመስለኛል፣ እነዚያን ደግሞ ሳላነብ ማጥፋት ልማድ ሆኖብኛል። ለእኔ «ስልካችሁ» ይሻላል።

ቀይ ብዕር

በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። «እናንተ» ማንንም አያስቀርም፣ ግን ለብዙኃን የተነገረ ነገር ለማንም እንዳልተነገረ ሆኖ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሰውየውን ትቶ ስልኩን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ፦ «ስክሪኑ ከጠርዙ ከፍ ያለ ስልክ ቻርጅ አይደረግም።» ይህ ጾታንም ቁጥርንም አይነካም፤ ነገር ግን እንደ ሕግ አንቀጽ ይነበባል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል። የገጹን አንባቢዎች የሚያውቁት ጠጋኝ ስለሆኑ ምርጫውን ለእርሳቸው እተዋለሁ።

ጠጋኝ

«ስልካችሁ»ን እወስዳለሁ። አሁን ደግሞ የሙያዬ ነገር ያዘኝ። «ባትሪው አብጧል» ብዬ በእርግጠኝነት መጻፌ እውነት አይደለም። ስክሪኑ የተጣበቀበት ማጣበቂያ በሙቀት ወይም ከዚህ በፊት በተደረገ ጥገና ምክንያት ለቆም ከፍ ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ስልክ ከፍቼ ባትሪው ደኅና ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። «አብጦ ሊሆን ይችላል» ብዬ ሳስተካክለው ደግሞ መስመሩ ዝሎ ይታየኛል፤ ማንም «ሊሆን ይችላል» በተባለ ነገር አይቆምም። ለመቆም ብዬ የማላምንበትን ልጻፍ? ያበጠ ባትሪን ማንም ሊጫነው ወይም ሊበሳው ስለማይገባ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ ያልሆነውን ሆኗል ማለት ግን ሙያዬ አይፈቅድልኝም።

ፈጣን ጣት

እኔ ብሆን «አብጧል» እላለሁ፤ ዝርዝሩን ውስጥ ያስረዱታል። መክፈቻ የምስክር ወረቀት አይደለም።

ቆጣሪ

ውስጡን የማያነበው ሰው ብዙ ስለሆነ አይሆንም። ከተቆረጠው በላይ ያለውን ብቻ አንብቦ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ አለ፤ እርሱ ዘንድ የሚቀረው መክፈቻው ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቻው ለብቻው ቢወሰድ እንኳ ውሸት መሆን የለበትም።

ቀይ ብዕር

ከቆጣሪ ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ሊሆን ይችላል»ን ማስገባትም ግድ አይደለም። ጥርጣሬው የሚገባው ስለ ባትሪው በምንናገረው ቃል ላይ ነው፤ ምን መደረግ እንዳለበት ግን ጠጋኝ አይጠራጠሩም። ማጣበቂያውም ቢሆን፣ ባትሪውም ቢሆን ስልኩ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ቻርጅ መደረግ የለበትም። እንግዲያው እርግጠኛ ስላልሆንበት ነገር ዝም ብለን እርግጠኛ የሆንበትን እንጻፍ፦

«የስልካችሁ ስክሪን ከጠርዙ ከፍ ካለ፣ ባትሪው እስኪታይ ድረስ ቻርጅ አታድርጉት።»

ምልክቱ በመጀመሪያ አለ። ድርጊቱ በመጨረሻ አለ፣ ያውም ከመቆረጫው በፊት። ባትሪው የሚታይበት ምክንያት አልተነገረም፤ ያንን ለማወቅ ሰውየው «ተጨማሪ»ን ይጫናል። አንድ ነገር ማስቀረታችን እውነት ነው፣ ነገር ግን ፈጣን ጣት ካቀረቡት የሚለየው አንባቢው ባይገባም የሚጠቅመውን ይዞ መሄዱ ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወዲያው «በባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ ስክሪኑን እየገፋው ሊሆን ይችላል» ቢል፣ «ሊሆን ይችላል» እዚያ ማንንም አይጎዳም፤ ሰውየው ቆሟልና።

ጠጋኝ

ይህ ተዋጠልኝ። የምናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ ደንበኛ ሲጠይቀኝ የምሰጠውም መልስ ይኸው ነው።

ፈጣን ጣት

መስመሩ ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ ግን አንድ ነገር ላይ አልተስማማሁም። ይህ የሚሠራው ምልክት ላለው ጉዳይ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ስክሪኑ ከፍ ካለ» የሚለው ነገር የለውም። ታሪክ ሲሆን የሆነ ነገር መደበቅ ግድ ነው፤ መጨረሻውን በመጀመሪያው መስመር የተናገረ ሰው የሚያነብለት የለም።

ቀይ ብዕር

ለታሪክ የተለየ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን እዚያም ቢሆን የሚደበቀው ውጤቱ እንጂ ሁኔታው አይደለም። «በሕይወቴ የማልረሳው ነገር ገጠመኝ» የሚለው ሁሉን ስለሚደብቅ የማንም ታሪክ ሊሆን ይችላል። «የመጠገኛ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረ ስልክ እጄ ላይ እያለ መጨስ ጀመረ» ቢባል ግን ምን እንደሆነ ታውቋል፤ እንዴት እንዳበቃ ነው ያልታወቀው። ከዚህ በላይ ምን ያህል መደበቅ ይገባል ለሚለው መለኪያ የለኝም፤ እርስዎ ከእኔ የበለጠ እንደሚደብቁ ግልጽ ነው።

ፈጣን ጣት

እደብቃለሁ፣ ሰውም ያነብልኛል።

ቅጥር ክፍል

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ። በተነገረኝ መሠረት ሙያውን ወደ ፊት አምጥቼ ለአለቃዬ አሳየሁት፤ «ድርጅታችን» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው መስመር መውጣቱን አልወደደውም። «የሒሳብ ባለሙያ ቅጥር፦ ድርጅታችን…» ብዬ ብጀምርስ? ግሱ እንደገና ወደ ኋላ ሄደ።

ቀይ ብዕር

ለእርስዎ ጉዳይ ይበቃል። ሥራ ፈላጊው የሚጠብቀው ግስ ሳይሆን የሙያውን ስም ነው፤ ስሙ ፊት ላይ እስከመጣ ድረስ አለቃዎም ደስ ይበላቸው። ልምዱን ግን ከስሙ ጋር ያያይዙት፤ «የሒሳብ ባለሙያ፣ ሦስት ዓመት የሠራ» ካልተባለ አዲስ ተመራቂው ሁሉ ይገባል።

ቆጣሪ

ጠጋኝ፣ ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። አዲሱን መክፈቻ በድሮው ጽሑፍ ላይ አርመው አይተኩት፤ ያለፉት ሰዎች አልፈዋል፣ ማረም እነርሱን አይመልሳቸውም። እንደ አዲስ ጽሑፍ ያውጡት። ሁለቱን በቁጥር ሲያነጻጽሩ ደግሞ ሰዓቱም፣ ፎቶውም፣ የተከታዮችዎ ብዛትም ስለሚለያይ ልዩነቱ ከመክፈቻው ብቻ የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። «ዋጋው ስንት ነው?» የሚሉት አስተያየቶች ቀንሰው «የእኔ ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ ነው ከፍ ያለው» የሚሉ ከመጡ ግን ያ ይበቃኛል።

ጠጋኝ

እንደ አዲስ አወጣዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከረውን ስልክ ደግሞ ለሁለተኛው አንቀጽ አስቀምጬዋለሁ፤ ስክሪኑ ደኅና ሆኖ ጀርባው ብቻ የሚያብጥበት ስልክ ስላለ እነዚያን ሰዎች የሚይዝልኝ እርሱ ነው። አንባቢ ብቻ፣ ከመለጠፌ በፊት «ስልካችሁ» በሚለው አንድ ጊዜ አንብበው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢ ብቻ

አነበብኩት። ቆሜያለሁ፤ ስልኬንም ገልብጬ አይቼዋለሁ። «ከጠርዙ» የሚለው ግን የትኛው ጠርዝ እንደሆነ አልገባኝም፤ ከላይ ነው፣ ከታች ነው ወይስ ከጎን?

ጠጋኝ

ብዙ ጊዜ ከጎን ነው፣ ባትሪው መሐሉን ይዞ ስለሚተኛ። «ከጎኑ ከፍ ካለ» ልበለው።